ተሸናፊው የመረጠው አሸናፊ

አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ ከደብተር ወደ ሶፍትዌር ለማዛወር ጨረታ አወጣ እንበል። ሦስት ድርጅቶች ሰነድ አስገቡ። ‹ሀ› መካከለኛ ዋጋ አለው፤ ችግር ሲገጥም ግን ቶሎ ይደርሳል። ‹ለ› የማኅበሩን ሥራ ሁሉ ይሸፍናል፤ ዋጋው ውድ ነው። ‹ሐ› ርካሽ ነው፤ ከሚፈለገው ሥራ ግን ብዙ ይጎድለዋል። ኮሚቴው ዝም ብሎ ቢከራከር ሒሳብ ሹሙ ስለ ዋጋ፣ የብድር ኃላፊው ስለ ወለድ አሠራር፣ ሊቀመንበሩ ስለ ድርጅቶቹ ስም ያነሣሉ። ሁሉም እውነት ይናገራሉ፤ አንዱ የሌላውን በምን ሚዛን እንደሚያይ ግን የሚያሳይ ነገር የለም።

የክብደት ሠንጠረዥ ይህን ሚዛን ወረቀት ላይ ያወጣል። ኮሚቴው ሰነዶቹን ከማየቱ በፊት መስፈርቶቹን ይዘረዝራል፤ 100 ነጥብም እንደየአስፈላጊነታቸው ያከፋፍላቸዋል። የእኛ ማኅበር ለሥራ ሽፋን 35፣ ለድጋፍ አገልግሎት 20፣ ለልምድ 15፣ ለዋጋ 30 ሰጠ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ድርጅት ከዋጋ በቀር በየመስፈርቱ ከ0 እስከ 5 ይመዘናል። ያገኘው ለ5 ተካፍሎ በመስፈርቱ ክብደት ይባዛል። በሥራ ሽፋን 4 ያገኘ ድርጅት ከ35ቱ 28 ይወስዳል ማለት ነው።

ከ0 እስከ 5 ያለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው እያንዳንዱ ደረጃ በቃላት ከተጻፈ ብቻ ነው። ለድጋፍ አገልግሎት «5 ማለት ባለሙያው በዚያው ቀን ቢሮ ይደርሳል፤ 3 ማለት በሦስት ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ 1 ማለት በስልክ ብቻ ይረዳል» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ለጋሱ ገምጋሚ ለሁሉም 5፣ ቆጣቢው ለሁሉም 3 ይሰጣል። አቅጣጫም ይምታታል። «ስጋት» የሚል መስፈርት ከተቀመጠ አንዱ ገምጋሚ ስጋቱ ለበዛበት፣ ሌላው ስጋቱ ላነሰበት 5 ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ መስፈርቱን «የስጋት ማነስ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ገምጋሚዎቹ በመጀመሪያ ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ልዩነቱ የሰፋበትን ብቻ አብረው ቢያዩት፣ ቀድሞ የተናገረው ሰው ቀሪዎቹን አይጎትታቸውም።

የዋጋ ነጥብ በቀመር ይሰላል። የተለመደው ቀመር ዝቅተኛውን ዋጋ በተጫራቹ ዋጋ አካፍሎ በዋጋው ክብደት ማባዛት ነው። የዓለም ባንክ የአማካሪ ድርጅቶችን ጥራትና ዋጋ አጣምሮ ሲመዝን የሚጠቀምበት ቀመርም በዚሁ መልክ የተሠራ ነው። ‹ሀ› 1,200,000 ብር፣ ‹ለ› 1,500,000 ብር፣ ‹ሐ› 900,000 ብር ጠይቀዋል። ሲሰላ ይህ ይወጣል፦

| መስፈርት (ክብደት) | ሀ | ለ | ሐ |
|---|---|---|---|
| የሥራ ሽፋን (35) | 28 | 35 | 21 |
| ድጋፍ (20) | 20 | 12 | 8 |
| ልምድ (15) | 6 | 12 | 12 |
| የቴክኒክ ድምር (70) | 54 | 59 | 41 |
| ዋጋ (30) | 22.5 | 18 | 30 |
| ጠቅላላ | 76.5 | 77 | 71 |

‹ለ› በግማሽ ነጥብ አሸነፈ። አሁን አንድ ደንብ ብቻ እንጨምር። ብዙ ጨረታዎች ቴክኒኩንና ዋጋውን በሁለት ፖስታ ይቀበሉና፣ ከቴክኒኩ ነጥብ ለምሳሌ 70 በመቶ ያላገኘውን ተጫራች የዋጋ ፖስታ ሳይከፍቱ ይመልሳሉ። ከ70 ነጥብ 70 በመቶው 49 ነው። 41 ያገኘው ‹ሐ› ወደቀ፤ 900,000 ብር ማለቱንም ማንም አላየም። ዝቅተኛው ዋጋ የ‹ሀ› 1,200,000 ሆነ፤ ስለዚህ ‹ሀ› 30ውን ሙሉ ወሰደ። ‹ለ› 24 አገኘ። ድምሩ ‹ሀ› 84፣ ‹ለ› 83። አሸናፊው ተለወጠ።

ስለ ‹ሀ› ሆነ ስለ ‹ለ› አንድም አዲስ ነገር አልታወቀም፤ የሥራቸው ጥራትም ዋጋቸውም በነበረበት ነው። የተለወጠው ሊያሸንፍ የማይችለው ‹ሐ› በስሌቱ ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ ነው። እርሱ ሲኖር በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ነጥብ ልዩነት 4.5 ነበር፤ ሲወጣ 6 ሆነ። የቴክኒኩ ልዩነት 5 በ4.5 እና በ6 መካከል ስለሆነ አሸናፊው ተለወጠ። ሠንጠረዡን የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ በእጁ አስልቶ ቢያየው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ተጫራቾች የሚያቀርቡት ብዙ ቅሬታ ከዚህ ይነሳል። ማለፊያው ነጥብና የዋጋው ቀመር ሰነዱ ሲሸጥ ተጽፈው ካልነበሩ፣ በኋላ የሚመጣ ውሳኔ አንዱን ለመጥቀም የተደረገ ይመስላል። አንዳንዴም ይሆናል።

ክብደትም ቢሆን በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሦስቱም ድርጅቶች በሥራ ሽፋን 4 ቢያገኙ ኖሮ፣ 35ቱ ነጥብ ለሁሉም እኩል 28 እየሆነ ማንንም ከማንም አይለይም ነበር። በእኛ ሠንጠረዥ ዋጋ 30 ይዞ ሳለ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል የፈጠረው ልዩነት 12 ነጥብ ነው፤ 20 ብቻ የያዘው ድጋፍም የፈጠረው 12 ነው። አንድ መስፈርት ምን ያህል እንደሚወስን ለማወቅ ከክብደቱ ይልቅ በረድፉ ላይ ያለውን ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ገምጋሚዎች ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም 4 ሲሰጡ፣ ሳያውቁት ውሳኔውን ለዋጋ አሳልፈው ሰጥተዋል።

ያው ሠንጠረዥ ከተጫራቾች ይልቅ ፕሮጀክቶችን ለመምረጥም ይውላል። ማኅበሩ ከሶፍትዌሩ፣ ከአዲስ ቅርንጫፍና ከእህል ወፍጮ የትኛውን ያስቀድም ሲባል ረድፎቹ «የአባላት ጥቅም»፣ «ወጪው የሚመለስበት ጊዜ» እና የመሳሰሉት ይሆናሉ። እዚህ የሚደጋገመው ስህተት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ «የአባላት ጥቅም» እና «የአባላት እርካታ» ለየብቻ ክብደት ከተሰጣቸው አንዱ ምክንያት በሁለት ስም ይመዘናል። በተጨማሪም ብዙ ነጥብ ያገኘው ትልቅ ፕሮጀክት ገንዘቡን ሁሉ ሊጨርሰው ይችላልና፣ በዚያው ብር ሁለት ትንንሾች ይሠሩ እንደሆነ አብሮ ማስላት ይገባል።

ወደ 84 እና 83 እንመለስ። በሥራ ሽፋን አንድ ደረጃ ማለት 7 ነጥብ ነው፤ የአንድ ድርጅት ውጤት ከ4 ወደ 5 ቢለወጥ ድምሩን ከአንዱ ነጥብ ልዩነት ሰባት እጥፍ ያንቀሳቅሳል። ክብደቱንም ትንሽ እንነካካው፦ ከዋጋ 5 ነጥብ ወስደን ለሥራ ሽፋን ብንጨምር፣ ‹ሐ› ወጥቶም እንኳ ‹ለ› 84፣ ‹ሀ› 83 ይሆናሉ። ሠንጠረዡ ስለ ‹ሐ› የተናገረው ጽኑ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን አልለየም። ጥሩ ኮሚቴ ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ይጽፋል፤ ክብደቱን ግን አይነካም። ለመለየት የሚያስችለው አዲስ መረጃ ነው፦ ሁለቱም ድርጅቶች የማኅበሩን የአንድ ወር እውነተኛ የብድር ደብተር ወደ ሶፍትዌራቸው አስገብተው ወለዱን፣ ቅጣቱንና ቀሪውን ዕዳ በኮሚቴው ፊት እንዲያወጡ ማድረግ፣ ከዚያም በዚያው ከ0 እስከ 5 መለኪያ የሥራ ሽፋኑን እንደገና መመዘን። ይህ ፈተና የሚፈቀደው ግን በጨረታው ሰነድ ውስጥ ከመጀመሪያው ከተጻፈ ነው፤ ዋጋ ከተከፈተ በኋላ የተጨመረ ፈተና ለተሸናፊው በቂ የቅሬታ ምክንያት ነው።