ከሲንክ ሥር ያለን የቧንቧ መገጣጠሚያ ለይቶ ማወቅ

ከወጥ ቤት ሲንክ ሥር ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። አንዱ በግፊት የሚመጣውን ንጹሕ ውኃ ወደ ላይ ያደርሳል፤ ቀጭን ነው፤ መገጣጠሚያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ብረት ናቸው። ሌላው ያገለገለውን ውኃ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለቃል፤ ወፍራም ነው፤ ሲፎኑን ጨምሮ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ስሙ ያልታወቀ ቁራጭ ሲገኝ መጀመሪያ የሚለየው የየትኛው መስመር እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ቅርጹ፣ ጫፎቹ፣ መጠኑና የተሠራበት ነገር በየተራ ይታያሉ።

ቅርጹ የስሙን መነሻ ይሰጣል። መስመሩን ወደ ጎን የሚያጥፈው ኤልቦ ነው፤ አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍለው ባለ ሦስት አፍ ደግሞ ቲ ይባላል። ቀጥ ያለ አጭር ቁራጭ ግን በቅርጹ ብቻ አይለይም፤ ጫፎቹ መታየት አለባቸው። በሁለቱም በኩል የውጭ ጥርስ ካለው ኒፕል ነው፤ በሁለቱም በኩል የውስጥ ጥርስ ካለው ሶኬት ነው። የሁለቱ ጫፎች መጠን ከተለያየ ሪዲዩሰር ይሆናል። መሐሉ ላይ ትልቅ ነት ኖሮት ቧንቧዎቹን ሳያዞሩ መፍታት የሚያስችለው ዩኒየን ነው። የውጭ ጥርስ ያለው ጫፍ ወንዴ፣ የውስጥ ጥርስ ያለው ደግሞ ሴቴ ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ላይ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ግማሽ ኢንች የሚባለው ጥርስ 12.7 ሚሊሜትር ሊመስል ይችላል። የቧንቧ ጥርስ ግን የሚጠራው ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር በሚለካው ሳይሆን፣ በጥንቱ ቧንቧ የውስጥ ስፋት በተሰጠው ስም ነው። ስለዚህ ወንዴው ጫፍ በካሊፐር ሲለካ ወደ 21 ሚሊሜትር ከመጣ ግማሽ ኢንች ነው። 16.7 ገደማ ሦስት ስምንተኛ፣ 26.4 ገደማ ደግሞ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። የሴቴ ጫፍ አፍ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ስለሚያሳይ ያሳስታል፤ የሚሻለው እሱ ውስጥ የሚገባውን ወንዴ መለካት ነው።

የተሠራበትን ነገር ለማወቅ ማግኔት ይረዳል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ማግኔት ይስባል፤ ናስ አይስብም። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ቁራጭ ማግኔት ካልሳበ በማይታይ ጠርዙ ላይ በቀስታ ይፋቃል፤ ሥሩ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ርካሽ የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩን ውኃ ይለየዋል፤ ፒቪሲ ይሰምጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። ይህ ልዩነት ለጥገና ወሳኝ ነው፤ የፒቪሲ ማጣበቂያ ፖሊፕሮፒሊንን አይዝም፤ ከእሱ የተሠራ ሲፎን ሲሰነጠቅ ክፍሉ ይቀየራል እንጂ አይጣበቅም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንግል ቫልቩ መውጫና በፍሌክሲብሉ መካከል አንድ አጭር ቁራጭ አለ እንበል፤ ውኃም ያንጠባጥባል። መስመሩ የግፊት ነው። ቁራጩ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ጫፉ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው። ከቫልቩ በኋላ ስለሚገኝ ቫልቩን መዝጋት ለመፍታት ይበቃል። ከተፈታ በኋላ ወንዴው ጫፍ ሲለካ 20.9 ሚሊሜትር ሆነ፤ ስለዚህ ግማሽ ኢንች ነው። ሴቴው የተጠመቀበት የቫልቩ መውጫ 16.6 ሆነ፤ ይህም ሦስት ስምንተኛ ነው። ማግኔት አልሳበውም፤ ጠርዙም ሲፋቅ ቢጫ ሆነ። ስሙ እንግዲህ «ሦስት ስምንተኛ ሴቴ፣ ግማሽ ወንዴ፣ የናስ ሪዲዩሰር» ነው።

ውኃውን የሚያግደው ምን እንደሆነም መታየት አለበት። የሴቴው ወለል ጠፍጣፋ ሆኖ ጎማ ካለበት የሚያሽገው ጎማው ነው፤ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም የተበላውን ጎማ አይተካም። ወለሉ ላይ ጎማ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ ግን ማሸጊያው በጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ቴፍሎን ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃን ይመለከታል። የአሜሪካው የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው፤ በብሪታንያ ስርዓት የተሠራውም እንዲሁ 14 አለው። የጥርሶቹ ማዕዘን ግን በአንዱ 60፣ በሌላው 55 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ጥቂት ዙር ስለሚገቡ የገጠሙ ይመስላሉ፤ ሲጠብቁ ግን ይያያዛሉ ወይም ያፈሳሉ። በእጅ ሲዞር ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ድንገት የሚጠነክር ቁራጭ በቁልፍ ከመገደዱ በፊት መጠርጠር አለበት። ልኩ ያጠራጠረ ቁራጭ ሲኖር አሮጌውን ይዞ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ከአዲሱ ጋር በእጅ መሞከር ያስፈልጋል።