ገዢው ጎግል ላይ ምን ብሎ ይጽፋል?

አንድ የቤት ዕቃ አምራች በድረ ገጹ «ዘመናዊ ቁም ሳጥኖቻችን» የሚል ጽሑፍ ቢያወጣ ፈላጊ ላያገኘው ይችላል። ገዢው የሚጽፈው «የቁም ሳጥን ዋጋ» ወይም «ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል?» ብሎ ነው።

እነዚህን ቃላት ለማግኘት ጎግል ላይ «ቁም ሳጥን» ብሎ ጀምሮ ከሥር የሚዘረዘሩትን ጥቆማዎች መመዝገብ ይቻላል። በላቲን ፊደል kum satin ብለው የሚጽፉም ስላሉ ያንንም መሞከር ነው። ከዚያ ውጤቶቹን ማየት ይገባል። የሽያጭ ገጾች ብቻ ከሞሉት ፈላጊው ዕቃ ሊገዛ ነው፤ ማብራሪያዎች ከበዙ ግን ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጽሑፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰርች ኮንሶል የተባለው ነፃ የጎግል መሣሪያ ገጹ በየትኞቹ ቃላት እንደታየ ይነግራል። ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚከፍተው ካነሰ፣ አማካይ ደረጃውን ማየት ነው። ከ10ኛ በታች ከሆነ ጽሑፉን ማጎልበት፣ ከላይ ከሆነ ደግሞ ርዕሱን ወደ ፈላጊው ጥያቄ ማስጠጋት ያስፈልጋል።