ውኃ የሚስቡ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶችና የኩላሊት ጉዳይ

በቀን ውስጥ ወደ አንጀታችን የሚገባው ፈሳሽ ከምንገምተው በላይ ነው። የምንጠጣው ሁለት ሊትር ያህል ቢሆን ነው፤ ምራቁ፣ የጨጓራው አሲድ፣ ሐሞቱና አንጀት ራሱ የሚያመነጨው ሲደመርበት ግን ወደ 9 ሊትር ይጠጋል። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ትልቁ አንጀት የሚደርሰው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሰገራ ደረቀ ወይም ለሰለሰ የሚባለው እንግዲህ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ልዩነት ነው። ሰውነቱ ውኃ ያልጠማውን ሰው «ብዙ ጠጣ» ማለት ብቻውን ብዙም የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ ውኃውን አንጀት ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ነገር ከሌለ ወደ ደም ገብቶ በሽንት ይወጣል።

ማግኒዥየምና ላክቱሎዝ የሚሠሩት ይህንን ይዞ የማቆየት ሥራ ነው። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ውኃው ወደ ጨው እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሰውነት በቀላሉ የማይመጠው ነገር አንጀት ውስጥ ሲሟሟ ውኃ ወደ እሱ ይሄዳል። አንጀት በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከደም የበለጠ የጠነከረ ሆኖ እንዲቆይ አይፈቅድም፤ እስኪመጣጠን ድረስ ውኃ ይለቅበታል። ሰገራ ይለሰልሳል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ የተለጠጠው አንጀትም ወደ ታች መግፋት ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ናቸው። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው።

ላክቱሎዝ ከወተት ስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ትንሹ አንጀታችን የሚሰባብርበት ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ እንዳለ ያልፋል። 15 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ግራም ላክቱሎዝ አለ፤ አንዱ ግራም በትንሹ አንጀት ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። 10 ግራሙ፣ መቶ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ግን ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። እነሱ ሲያብላሉት ወደ አሲዶች ይቀየራል፤ ጋዝም ይወጣል። አሲዶቹ መጀመሪያ ውኃ ይስባሉ፤ ነገር ግን ትልቁ አንጀት አሲዶቹን እየመጠጠ ከነሱ ጋር ውኃውንም ይመልሳል። በትንሽ መጠን ሲወሰድ ሥራው ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መጠኑ ባክቴሪያዎቹ ከሚችሉት በላይ ከሆነ ያልተብላላው ትርፍ ውኃውን ይዞ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ተቅማጥ ነው።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ ላክቱሎዝ ውጤቱን የሚያሳየው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማታ 15 ሚሊ ሊትር ጠጥቶ ጠዋት ምንም ሳያይ ሲቀር ይደግማል፣ ቀትር ላይ ይሠልሳል፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣበታል። ለአዋቂ የተለመደው መነሻ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው። መጠን መቀየር የሚገባው ሁለት ቀን ከተጠበቀ በኋላ ነው፤ ጣሪያውም በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ልኬቱ በጠርሙሱ ክዳን ወይም በመለኪያ ይሁን፤ የቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መነፋቱና ጋዙ የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

ማግኒዥየም ግን ፈጣን ነው። ሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ የሚባለው ነጭ ፈሳሽ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል፤ ስለዚህ መንገድ ልትወጡ ስትሉ የሚጠጣ አይደለም። ፍጥነቱ ያስወድደዋል። ጣጣው አንጀት ያልያዘው ክፍል ወደ ደም መግባቱ ነው። ጤናማ ኩላሊት ትርፉን ያለ ችግር በሽንት ያስወጣል። የደከመ ኩላሊት ግን አያስወጣም፤ ማግኒዥየሙ በደም ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ፣ ስኳርና ደም ግፊት ለዓመታት ያለባቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። አሜሪካ ያለች ልጃቸው ለእግር መሸማቀቅ ብላ በየቀኑ 400 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም የሚሰጥ እንክብል ላከችላቸው። ሆዳቸው ሲደርቅ ጎረቤት ሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ መከረቻቸው፤ ማታ ማታ 30 ሚሊ ሊትር ይጠጣሉ። በውስጡ ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም አለ። ጨጓራቸው ሲያቃጥላቸው የሚወስዱት ሽሮፕም ከአሉሚኒየም ጋር ማግኒዥየም ያለበት ነው። ሦስቱም ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ ለተለያየ ሕመም የሚወሰዱ ናቸው፤ ደም ውስጥ ሲገቡ ግን አንድ ነገር ናቸው። በአሜሪካ የምግብ ጥናት ባለሙያዎች ለአዋቂ ከእንክብልና ከመሰል ተጨማሪዎች በቀን ከ350 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰን አስቀምጠዋል። ወሰኑ የተቀመጠው ተቅማጥን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ለማለስለሻነት በሐኪም ምክር ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ መታለፉ የታወቀ ነው። የእኚህ እናት ችግር ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የኩላሊት ምርመራ ካደረጉ ዓመታት አልፈዋል፤ ስኳርና ግፊት ደግሞ ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰሙ የሚጎዱ ሕመሞች ናቸው።

ማግኒዥየም ደም ውስጥ ሲበዛ መጀመሪያ ማቅለሽለሽ፣ ፊት መሞቅና ድካም ያመጣል። ቀጥሎ ጡንቻ ይዝላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ምት ይዘገያል። ሲብስ ትንፋሽ ይደክማል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ቤተሰብ «ጾሙ አዳከማቸው»፣ «እርጅና ነው» እያለ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ምልክቶቹ ለዚህ ይመቻሉ። የሚለየው ቀላል የደም ምርመራ ነው፦ የማግኒዥየም መጠንና ኩላሊትን የሚያሳየው ክሬአቲኒን። ማግኒዥየም ኦክሳይድ በሰፊው በሚታዘዝባት በጃፓን፣ በአረጋውያን ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት የመንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል።

ለእኚህ እናት የተሻለው ላክቱሎዝ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከቁጥር የማይገባ ነውና። ስኳር ያለባቸው መሆኑስ? ሽሮፑ ውስጥ ጥቂት የሚመጠጥ ስኳር አለ፤ ለድርቀት በሚወሰደው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም፤ ቢሆንም የስኳር መለኪያቸውን መከታተል አለባቸው። ለጉበት ሕመምተኞች አሞኒያን ለመቀነስ የሚታዘዘው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሐኪም ክትትል ይጠይቃል። ጋላክቶስሚያ የሚባለው ብርቅ የትውልድ ችግር ያለበት ሰው ግን ፈጽሞ መውሰድ የለበትም።

ማግኒዥየም የሚስማማቸው ሰዎችም አንድ ነገር ይወቁ። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችን፣ የእንቅርት መድኃኒቱን ሌቮታይሮክሲንንም አንጀት ውስጥ ይዞ እንዳይመጠጡ ያደርጋል። ለሌቮታይሮክሲን ቢያንስ አራት ሰዓት መለያየት ይበቃል፤ ለሌሎቹ ፋርማሲስቱ የሚነግራችሁን ሰዓት ጠብቁ።

ሁለቱም የማይነኩበት ጊዜ አለ። ሆድ በድንገት ቢነፋ፣ ኃይለኛ ቁርጠት ቢመጣ፣ ትውከት ቢጨመር፣ ሰገራም ጋዝም አላልፍ ቢል አንጀት ተዘግቶ ወይም ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የትልቁ አንጀት መታጠፍ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ድንገተኛ ሕመም ነው። በተዘጋ አንጀት ላይ ውኃ የሚስብ መድኃኒት ማፍሰስ ግፊቱን ያብሳል፤ በዚህ ጊዜ መሄጃው መድኃኒት ቤት ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ነው።