ፎቶውን የሚመርጠው የባልደረባ ቃል ነው

አንድ አንጋፋ መምህር ጡረታ ሲወጣ ለሽኝቱ ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፎቶ በመሰብሰብ ይጀምራሉ። እኔ ግን ከባልደረቦች ቃል መጀመሩን እመርጣለሁ። የትኛው ፎቶ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ሰዎቹ ከተናገሩ በኋላ ነው።

ባልደረባን «ስለ እሳቸው ምን ትላለህ?» ብንለው «ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ ናቸው» ይለናል። ይህ ለማንም ይሆናል። «አብራችሁ ስትሠሩ የማትረሳውን አንድ ቀን ንገረኝ» ስንለው ግን ወሬው ይለወጣል። ለምሳሌ ስለ አንዲት የሒሳብ መምህርት እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ጀማሪ ሳለሁ ተማሪዎቹ አስቸገሩኝ። አንድ ቀን የመጨረሻው ዴስክ ላይ ቁጭ ብለው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ተከታተሉኝ። ስንወጣ ‹ስትጽፍ ጀርባህን አትስጣቸው፣ ጎንህን ስጣቸው› አሉኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምጽፈው።»

አሁን ጽሑፉን መሥራት ይቻላል። ገጹን ለሁለት ከፍለን በአንዱ በኩል ምስሉን፣ በሌላው ድምፁን እናሰፍራለን፦

ምስል፦ ባልደረባው ፊት ለፊት ተቀምጦ።
ድምፅ፦ «ጀማሪ ሳለሁ ተማሪዎቹ አስቸገሩኝ...»

ምስል፦ መምህርቷ ወደ ጎን ቆመው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የሚያሳይ ፎቶ፣ 5 ሰከንድ።
ድምፅ፦ «ጎንህን ስጣቸው አሉኝ...»

ፎቶው የሚገባው ቃሉ በሚነገርበት ቅጽበት ነው፤ የባልደረባው ድምፅ ከሥሩ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ከሌለ ያንኑ ክፍልና ሰሌዳ ዛሬ መቅረጽ ይሻላል። የሠርግ ፎቶ እዚያ ቢገባ ተመልካቹ «ይሄ የት ነው?» እያለ ንግግሩ ያመልጠዋል።

ለአንድ ሰው ፎቶ 5 ሰከንድ ይበቃል። የቡድን ፎቶ ግን 8 ሰከንድ ያህል ይቆይ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ይፈልጋልና። በዚህ ስሌት አንድ ደቂቃ ከ12 ፎቶ በላይ አይችልም፣ አልበሙ ስንትም ይሁን። የድሮ ፎቶዎችን ከአልበሙ ላስቲክ አውጥቶ፣ መስኮት አጠገብ ዘርግቶ፣ ያለ ፍላሽ ከላይ ማንሳት ነጸብራቅን ያስቀራል።

የተራኪው ክፍል መጨረሻ ይጻፋል፤ ሌሎቹ ያልተናገሩትን ብቻ ይሞላል፦ የተቀጠሩበትን ዓመት፣ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች። ዓመቱ ከራሳቸው ወይም ከቤተሰባቸው ይረጋገጥ።

ከሽኝቱ በፊት ቪዲዮውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ማጫወት ግድ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ጥርት ያለ ድምፅ በገደል ማሚቶ ሊዋጥ ይችላል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን መከተል ካቃተው መጀመሪያ ሙዚቃው ይቀነስ፤ ያም ካልበቃ ንግግሩ ከምስሉ ግርጌ በጽሑፍ ይግባ።