ለ12ኛ ክፍል ፈተና ፕሮግራም ስታወጡ በምዕራፍ አስቡ

የሰሞኑ ጥያቄያችሁ በብዛት ስለ ጥናት ፕሮግራም ስለሆነ በደንብ ልመልስ። የብዙዎቻችሁ ፕሮግራም «ሰኞ ፊዚክስ፣ ማክሰኞ ኬሚስትሪ» ይላል። የትኛው ምዕራፍ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ግን አይናገርም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ደግሞ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው።

የታናሽ እህቴን ላሳያችሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ ትፈተናለች። የካቲት ላይ መጽሐፍ ከመግለጧ በፊት ከየትምህርቱ አንድ የቀድሞ ዓመት ፈተና በሰዓት ሠራች፤ ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ያለ ካልኩሌተር። ከዚያ በተሳሳተችው ጥያቄ ሁሉ አጠገብ «አልተማርኩትም»፣ «ረስቼዋለሁ» ወይም «ስሌት» ብላ ጻፈች።

ኬሚስትሪ ላይ የአሲድና ቤዝ ጥያቄዎችን በሙሉ ስታለች። ምዕራፉን ግን ታውቀዋለች። 0.001 ሞላር HCl ሲሰጣት pH 3 መሆኑን ወዲያው ትናገራለች፤ 0.002 ሲሆን ትቆማለች። የሚፈለገው ይህ ብቻ ነበር፦

pH = −log(2 × 10⁻³) = 3 − log 2 ≈ 3 − 0.3 = 2.7

የጎደላት የ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ነው። ስለዚህ ፕሮግራሟ ላይ መጀመሪያ ሎጋሪዝም ገባ፣ pH በማግስቱ ተከተለ። ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪም በተመሳሳይ ምክንያት ከፊዚክሱ የኃይልና የእንቅስቃሴ ምዕራፎች ቀደሙ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም ኢኮኖሚክስ ላይ ኢላስቲሲቲ ከከበዳችሁ መጀመሪያ የመቶኛ ለውጥ ስሌታችሁን ፈትሹ።

ከዚያ በኋላ ቅድሚያ የምሰጠው «ረስቼዋለሁ» ለተባሉት ምዕራፎች ነው። ውጤቱ ከ600 ተደምሮ ስለሚታይ፣ በሁለት ቀን የሚመለስ ምዕራፍ ሁለት ሳምንት ከሚፈጅ አዲስ ምዕራፍ ይቀድማል። «አልተማርኩትም» የተባሉት በመጋቢትና በሚያዝያ ይሠራሉ። ግንቦት ለክለሳ፣ ሰኔ ለሙሉ ፈተና ይቀራል።

አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ደብተር ተዘግቶ አሥር ጥያቄ ይሠራል። ከሰባት በታች ከመጣ ምዕራፉ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። ባዮሎጂ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ የፎቶሲንተሲስን ደረጃዎች ስታነቡ የገባችሁ ይመስላል፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከባዶ ስትስሉት ነው የጎደለው የሚታየው። እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ በአንድ ሳምንት ጥድፊያ ስለማይሻሻሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምንም አትመድቡበት። በሳምንቱ ያመለጣችሁ ምዕራፍ የሚገባው እዚያ ነው። እሑዱ በተከታታይ ሳምንታት ካልበቃችሁ የቀን ዕቅዳችሁ በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከእንቅልፋችሁ ሳይሆን «አልተማርኩትም» ካላችሁት ዝርዝር ላይ ቀንሱ።