ከቀሐ እስከ ደምቢያ፦ ጎርፍን በራዳር መለየት

የቀሐ ወንዝ በፋሲል መዋኛ አጠገብ አልፎ ከአንገረብ ጋር ይገናኝና በመገጭ በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል። ደምቢያና ፎገራ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ሲጥለቀለቁ እንደታየው፣ ከደጋው የወረደው ውኃ የሚተኛው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ችግሩ ጎርፉ የሚመጣው ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወቅት መሆኑ ነው፤ የተለመደው የሳተላይት ፎቶ ደመናውን እንጂ መሬቱን አያሳይም።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል-1 ግን የራሱን የራዳር ሞገድ ይልካል። ሞገዱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው ደመናን አልፎ መሬት ይደርሳል። ሻካራ መሬት ከሞገዱ ከፊሉን ወደ ሳተላይቱ ይመልሳል፤ የረጋ ውኃ ግን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል። ስለዚህ ውኃ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ጥቁር የሚባለው ከየት ጀምሮ ነው? የተመላሹ ሞገድ ጥንካሬ በዴሲቤል ይለካል። የምስሉ ነጥቦች በጥንካሬያቸው ሲደረደሩ ሁለት ክምር ይሠራሉ። ለምሳሌ የውኃው ክምር -22፣ የየብሱ -10 አካባቢ ቢያርፍ፣ በመካከላቸው ያለው ዝቅታ -16 ላይ ይገኛል እንበል፤ ወሰኑ እሱ ነው። ወሰኑን ወደ -14 ከፍ ብናደርገው ለስላሳ ማሳ ሁሉ ውኃ ይሆናል፤ ወደ -19 ብናወርደው ደግሞ ነፋስ ያንቀሳቀሰው ውኃ ይጠፋል። ምስሉ በሙሉ ተራራና እርሻ ከሆነ የውኃው ክምር በየብሱ ተውጦ አይለይም፤ ስለዚህ ወሰኑን ውኃና የብስ ተቀራራቢ ስፋት በሚይዙበት በጣና ዳርቻ ላይ መምረጥ ይሻላል።

ጥቁር ሁሉ ግን ጎርፍ አይደለም። ጣና ራሱ፣ የአዘዞ አውሮፕላን ማኮብኮቢያና የገደል ጥላም ጥቁር ናቸው። በበጋ ከዚያው ምሕዋር ከተነሣ ምስል ጋር ሲነጻጸሩ ግን በሁለቱም ላይ ጥቁር ስለሆኑ ይወጣሉ። ማነጻጸር የማያወጣቸው እምቦጭና ማሳ ናቸው። በመገጭ አፍ የተንሳፈፈ እምቦጭ በበጋው ምስል ደመቅ ብሎ ይታያል፤ በክረምት ነፋስ ሲገፋው ሥሩ የነበረው ውኃ አዲስ ጎርፍ ይመስላል። መፍትሔው ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሆነውን ቦታ አስቀድሞ መሸፈን ነው። ለዘር የተደለደለ የጤፍ ማሳ ደግሞ ከወንዝ ተነጥሎ፣ ቀጥ ባለ ጠርዝ እዚህም እዚያም ይታያል። ተዳፋቱ ከ5 በመቶ የሚበልጠውን ቦታና ከ8 ተያያዥ ነጥቦች ያነሰውን ቁራጭ መሰረዝ የተለመደ ነው፤ አንድ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ስለሆነ 8 ነጥብ 800 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የሚሰፋ ማሳ ግን ከማጣሪያው ያልፋል፤ እሱን የአካባቢው ሰው አይቶ ይለየው።

ቀሐ ራሱ ግን በዚህ ካርታ ላይ አይወጣም። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ደራሹ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ አንድ ሳተላይት ደግሞ በዚያው ምሕዋር የሚመለሰው በ12 ቀን ነው። ስለዚህ የጎርፍ ካርታ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ምስሉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት ጠይቁ።