ብሎኑ ሳይበጠስ የሚገነጠለው ላሜራ

ሁለት የብረት ላሜራዎች ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ፣ በአራት ብሎን ታስረው፣ ግራና ቀኝ ሲጎተቱ መጀመሪያ የሚሸነፈው የቱ ነው? አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «ብሎኑ ነዋ!» ይላል። ሐሳቡ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ብሎኑ ቀጭን ነው፣ ላሜራው ሰፊ ነው፣ ዓይንም የሚያርፈው ብሎኑ ላይ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መያያዣ ብሎኖቹ አንድም ጭረት ሳይነካቸው ሊበጠስ ይችላል። ላሜራው ራሱ ብሎኖቹን እንደያዘ ቁራጭ ሆኖ ይገነጠላል። መሐንዲሶች ይህን ብሎክ ሸር ይሉታል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የመጋዘን ጣሪያ የሚይዝ አንድ የብረት ማሰሪያ እንውሰድ። ማሰሪያው 200 ሚሊ ሜትር ስፋትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ነው። አንዱ ላሜራ ብቻውን ርዝመቱን ስለማይሞላ ሁለቱ ተደራርበው በ20 ሚሊ ብሎን ይታሰራሉ። የብሎኖቹ አቀማመጥ ሁለት በሁለት ነው። በጎን 60 ሚሊ፣ በርዝመት ደግሞ 60 ሚሊ ተራርቀዋል። ከላሜራው ጫፍ እስከ መጀመሪያዎቹ ብሎኖች መሐል 40 ሚሊ አለ። ብሎኑ በቀላሉ እንዲገባ ቀዳዳው 22 ሚሊ ሆኖ ተበስቷል። ማሰሪያው መሸከም ያለበት ኃይል፣ የጣሪያው ክብደትና የነፋሱ ግፊት በደኅንነት ማባዣ ከተባዙ በኋላ፣ 285 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። ወደ 29 ቶን የሚጠጋ ክብደት ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ስሌቱን የምንሠራው ኢትዮጵያም በራሷ ስታንዳርድ ውስጥ በተቀበለችው በአውሮፓው የብረት ኮድ ነው።

መጀመሪያ ብሎኑን እንፈትሽ። ሁለቱ ላሜራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎተቱ በመካከላቸው ያለው የብሎን አካል ለሁለት ሊቆረጥ ይፈልጋል። ይህ ሸር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ብሎኑ ጥርስ ያለው ክፍልና ለስላሳ ክፍል አለው፤ መቆረጫው ጥርሱ ላይ ካረፈ የሚቆረጠው ብረት ያንሳል። የ20 ሚሊ ብሎን ለስላሳው ክፍል 314 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥርሱ ላይ የሚቀረው 245 ብቻ ነው። ሥራ ላይ ጥርሱ የት እንደሚያርፍ መቆጣጠር ስለሚያስቸግር ትንሹን መያዝ ይሻላል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለው ብሎን በዚህ ሒሳብ 94 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ አራቱ አንድ ላይ 376። ከ285 በጣም ይበልጣል፤ አለፈ።

ምልክቱን ማንበብ ግን ግድ ነው። መልኩና ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ 4.6 የሚል ብሎን ግማሹን፣ 47 ብቻ ይችላል። አራቱ ተደምረው 188 ስለሚሆኑ መያያዣው ገና ከመነሻው ወድቋል። ሁለቱን ዳዶ ካጠለቁ በኋላ ከሩቅ መለየት አይቻልም። ጭንቅላቱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለእንዲህ ያለ ቦታ መጠቀም የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ አቅሙን የሚናገርለት ነገር የለምና።

ቀጥሎ ብሎኑ ላሜራውን ሲጫነው የሚሆነው ይታያል። ብሎኑ ሳይቆረጥ ቢቆይም የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ ቀዳዳው ወደ አንድ ወገን ይለጠጥና እንቁላል መሳይ ይሆናል። ጫፉ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ከክላሰር ላይ ተጎትቶ እንደሚቀደድ ወረቀት ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ያለው ብረት ይቀደዳል። ቤሪንግ የሚባለው ይህ ነው። አቅሙን የሚወስኑት የላሜራው ውፍረት፣ የብረቱ ዓይነትና ከሁሉም በላይ ርቀቶቹ ናቸው፤ ከጫፍ ያለው ርቀትና ብሎኖቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት። የኛ ላሜራ ኤስ 275 ከሚባለው የተለመደ ብረት ነው። ለጫፍ የቀረቡት ሁለት ብሎኖች እያንዳንዳቸው 71 ያህል፣ ወደ ውስጥ ያሉት ደግሞ 77 ያህል ኪሎ ኒውተን ላሜራው ላይ ማሳረፍ ይችላሉ። ድምሩ 295 ነው። ጠባብ ቢሆንም ይህም አለፈ።

ላሜራው በቀዳዳዎቹ መስመር ሙሉ ስፋቱን ይዞ እንዳይበጠስም ይታያል። ከ200 ሚሊው ሁለት ቀዳዳ ሲቀነስ 156 ሚሊ ይቀራል፤ አቅሙ 386 ኪሎ ኒውተን ሆኖ ይወጣል። እዚህ ምንም ሥጋት የለም።

ሦስቱን ፈትሾ ወረቀቱን የሚዘጋ ሰው ሁሉም ነገር ተሟልቷል ብሎ ሊያምን ይችላል። ይህ ከሰነፍነት የመጣ ስሕተት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ይህን አደጋ በሚገባ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ቢርኬሞና ጊልሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ የተፈተኑ የምሰሶ አግዳሚዎች ጫፍ ላይ ብሎኖቹ ደህና ሆነው ከብረቱ አንድ ቁራጭ ተገንጥሎ እንደወጣ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የአሜሪካው የብረት ኮድም ፍተሻውን ያስገባው በዚያው ዓመት ነበር።

ቁራጩ እንዴት ይወጣል? አራቱን ቀዳዳዎች በእርሳስ አገናኟቸው። ከላሜራው ጫፍ ተነስቶ በአንደኛው ጥንድ ብሎን በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ መስመር፣ በሌላኛው ጥንድ በኩል የሚሄድ ሁለተኛ መስመር፣ ከዚያም ውስጥ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አግድም የሚያገናኝ ሦስተኛ መስመር ይኖራል። ኃይሉ ሲበረታ ይህ አራት ማዕዘን ከቀረው ላሜራ ተለይቶ መውጣት ይፈልጋል። ሁለቱ ረጃጅም መስመሮች በመንሸራተት ይቃወማሉ፤ አግዳሚው መስመር ደግሞ በመጎተት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ባሕርይ የላቸውም። አግዳሚው አጭር ስለሆነ ብዙም ሳይለጠጥ ይበጠሳል፤ ጎኖቹ ግን በዚያን ጊዜ ገና እየተለጠጡ ነው። ስለዚህ ኮዱ አግዳሚውን በመበጠሻ አቅሙ፣ ጎኖቹን ግን መለጠጥ በሚጀምሩበት አቅም ብቻ ይቆጥራቸዋል።

አግዳሚው ላይ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል 60 ሚሊ አለ፤ ከየቀዳዳው ግማሽ ሲቀነስ 38 ይቀራል። በ8 ሚሊ ውፍረት 304 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሰጠው 105 ኪሎ ኒውተን ነው። እያንዳንዱ ጎን 40 እና 60 ተደምሮ 100 ሚሊ ነው፤ አንድ ተኩል ቀዳዳ ሲቀነስ 67 ይቀራል። ሁለቱ ጎኖች 1072 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆነው 170 ይሰጣሉ። ድምሩ 275 ኪሎ ኒውተን ነው። የሚያስፈልገን 285 ነበር፤ ወደቀ።

ብሎኑ መቶ ሊጠጋ ኪሎ ኒውተን ትርፍ አለው፤ ሙሉው ላሜራም እንደዚያው። የጎደለው በአራት ቀዳዳዎች መካከል ባለው፣ ከእጅ መዳፍ በማይበልጥ ቁራጭ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ «ጠንካራ ብሎን እናስገባ» የሚል ነው። በዚህ መያያዣ ላይ 10.9 የሚባለውን ውድ ብሎን ብናስገባ ብሎክ ሸሩ በአንድ ኪሎ ኒውተን እንኳ አይጨምርም፤ በስሌቱ ውስጥ የብሎኑ ጥንካሬ የለበትምና። የሚገርመው ለብሎኑ ለራሱም ብዙ አለመጥቀሙ ነው። ጠንካራው ብሎን ጥርሱ ላይ ሲቆረጥ እምብዛም ስለማይለጠጥ ኮዱ ከአቅሙ የሚቆጥርለት ግማሹን ብቻ ነው፤ ለ8.8 ስድስት አሥረኛውን እየቆጠረ። 10.9 በዚህ ምክንያት 98 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ከ94 የሚበልጠው በአራት ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀዳዳዎቹን ማንቀሳቀስ ነው። በጎን ያለውን ርቀት ከ60 ወደ 100 ሚሊ እናስፋው። ላሜራው ያው፣ ብሎኑ ያው፣ ቀዳዳውም ያው አራት ነው። አግዳሚው መስመር አሁን ከ38 ወደ 78 ሚሊ ይረዝማል፤ የብሎክ ሸሩ አቅም ከ275 ወደ 385 ይወጣል። የቤሪንግ አቅሙም ከ295 ወደ 348 ያድጋል፤ ብሎኖቹ ሲራራቁ እያንዳንዱ ዙሪያውን የሚደግፈው ብረት ስለሚበዛለት ነው። በጎን የሚቀረው 50 ሚሊም ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን በደንብ ይበልጣል። ተጨማሪ ወጪው በሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኖችን መሐል ላይ ማጎር የተለመደ ቢሆንም ጥሩ ልማድ አይደለም። ከልክ በላይ ማራራቅም ግን አይገባም፤ ላሜራዎቹ በብሎኖቹ መካከል ይከፈቱና ውኃ ገብቶ ዝገት ይጀምራል።

በወረቀት ላይ ያለፈው ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ተከላ ላይ ነው። ላሜራው ሲሰቀል ትንሽ ረዘመ፣ ከሌላ ብረት ጋር ተጋጨ፣ ስለዚህ ጫፉ 15 ሚሊ ያህል በፍሌክስ ተቆረጠ እንበል። ለሠራተኛው ኢምንት ነው። ከጫፍ ያለው ርቀት ግን ከ40 ወደ 25 ይወርዳል፤ ለ22 ሚሊ ቀዳዳ ከሚፈቀደው 26 ሚሊ ግድም በታች ነው። በመጀመሪያው አቀማመጥ ብሎክ ሸሩ ከ275 ወደ 237 ይወርዳል። አራት ቶን የሚጠጋ አቅም ከዚያች ቁራጭ ጋር መሬት ወደቀ ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ አልገጥም ሲሉ በእሳት ማስፋትም ያው ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ በየመስመሩ የሚቀረው ብረት ይቀንሳል፤ እሳት የቀደደው ጠርዝ ደግሞ ሸካራ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሰጣል።

ተደራርበው የታሰሩ ላሜራዎች አንድ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ስላልሆኑ፣ አንዱ ከሌላው በ8 ሚሊ ከፍ ስለሚል፣ ሲጎተቱ መያያዣው በመጠኑ ይጠማዘዛል። በርዝመት ሁለት ብሎን ሲኖር ይህ ይቀንሳል። በርዝመት አንድ ብሎን ብቻ ካለ ብሎኑ ስለሚያዘነብል ኮዱ ከጭንቅላቱም ከዳዶውም ሥር ሮንዴላ እንዲገባ ያዛል፤ የቤሪንግ አቅሙንም ይገድባል።

ተሠርቶ ያለቀ መያያዣ ለመመልከት ሜትር ይበቃል። ከብሎኑ መሐል እስከ ላሜራው ጫፍ ይለካ፤ ለ20 ሚሊ ብሎን ከ27 ሚሊ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ሥዕሉ እንደገና መታየት አለበት። ቀጥሎ ቀለሙ ይታያል። ብረት ሲለጠጥ ቀለም አብሮት አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ከሮንዴላው ጠርዝ ወደ ላሜራው ጫፍ የሚሄድ የቀለም ስንጥቅ ጎኖቹ መንሸራተት መጀመራቸውን ይጠቁማል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ከጫፉ ርቀው ባሉት ሁለት ብሎኖች መካከል አግድም የሚታየው ነው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው መስመር እሱ ነውና። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ብሎኑን አጥብቆ ማለፍ አይጠቅምም። ጭነቱ ከማሰሪያው ላይ መነሳት፣ ላሜራውም መለወጥ አለበት።